ሃያ ደቂቃ፣ አንድ ዒላማ፦ የኪቦርድ ልምምድ ለምን በዝግታ ይጀመራል?

ጀማሪ ኪቦርድ ተጫዋች ሲለማመድ ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማ ጎረቤት ዜማው የት ላይ እንደሚሰበር ከራሱ ከተጫዋቹ ቀድሞ ያውቃል። ዜማው በደህና ይጀመራል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ጣት ይስታል። ተጫዋቹ ከመጀመሪያው ይነሳል። እንደገና በደህና ይሄድና እዚያችው ቦታ ላይ ይሰበራል። አሁንም ከመጀመሪያው። ሰዓቱ ሲያልቅ የዜማው መግቢያ አርባ ጊዜ ተደጋግሟል፤ መግቢያው ግን ድሮም አላስቸገረም። ያስቸገረችው ቦታ ደግሞ አርባ ጊዜ ተስታለች። ተጫዋቹ "አንድ ሰዓት ተለማመድኩ" ብሎ ይነሳል፤ እጁ የተማረው ግን እዚያ ቦታ ሲደርስ መሳትን ነው።

ጣት ትክክለኛውን ከስህተቱ አይለይም፤ የደጋገመውን ይይዛል። ስለዚህ የልምምድ ዋጋ የሚለካው በደቂቃ ብዛት ሳይሆን ከድግግሞሹ መካከል ስንቱ ትክክል ነበር በሚለው ነው። በዝግታ መጫወት፣ አጭር ጊዜ መለማመድና በቀን አንድ ዒላማ መያዝ ሦስት የተለያዩ ምክሮች ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ትክክለኛው ድግግሞሽ ከስህተቱ እንዲበዛ ያደርጋሉ።

አሥራ ሰባት ፒያኖ ተጫዋቾች

በአሜሪካ፣ ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ የሙዚቃ ትምህርት ተመራማሪው ሮበርት ዱክና ሁለት ባልደረቦቹ ይህን ጉዳይ በቅርበት ተመልክተውት ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 17 የፒያኖ ተማሪዎች ከሾስታኮቪች የመጀመሪያው የፒያኖ ኮንቼርቶ የተወሰደ አጭርና ከባድ ቦታ ተሰጣቸው። ሁሉም በትምህርታቸው የገፉ ነበሩ። በቃኝ እስኪሉ ድረስ እንዲለማመዱ ተፈቀደላቸው፤ በማግስቱ ተመልሰው ያንኑ ቦታ ተጫወቱ፤ አጨዋወታቸውም ተመዝኖ ደረጃ ወጣላቸው።

ረጅም ሰዓት የተለማመዱት የግድ አልበለጡም። ብዙ ጊዜ የደጋገሙትም እንዲሁ። ከውጤቱ ጋር አብሮ የሄደው ከተጫወቱት ውስጥ ምን ያህሉ ትክክል ነበር የሚለው ነው። ከፍተኛውን ደረጃ ያገኙት ተጫዋቾች እንደ ሌሎቹ ሁሉ ይሳሳቱ ነበር፤ ልዩነቱ ሲሳሳቱ ያደረጉት ነው። ስህተቱ የት እንደሆነና ከምን እንደመጣ ወዲያው ለይተው ያቆማሉ፤ ያንን ቦታ ብቻ ነጥለው ፍጥነቱን ይቀንሳሉ፤ እስኪስተካከልም ይደጋግሙታል። ስህተቱን ታቅፈው ወደ ፊት አልሄዱም።

ይህ አሠራር በእጅ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ትንሽ ቦታ ወስደን እንመርምር።

ከሚ ወደ ሶል

ብዙ ኪቦርድ ጀማሪ ከሚሞክራቸው ቅኝቶች አንዱ ትዝታ ነው። ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ በነጭ ቁልፎች ብቻ ይሠራል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ከዚያ ላይኛው ዶ። ዶን ለማግኘት ሁለት ሁለት ሆነው የተቀመጡትን ጥቁር ቁልፎች ይፈልጉ፤ ከእነሱ በስተግራ ተጠግቶ ያለው ነጭ ቁልፍ ዶ ነው። ዶ፣ ሬና ሚ ጎን ለጎን ናቸው። ከዚያ ፋ ይዘለላል፤ ሶልና ላ ይከተላሉ፤ ሲ ይዘለልና ላይኛው ዶ ይመጣል።

ጣቶች በቁጥር ይጠራሉ። አውራ ጣት 1፣ ሌባ ጣት 2፣ የመሃል ጣት 3፣ የቀለበት ጣት 4፣ ትንሿ ጣት 5 ናት። በቀኝ እጅ ዶ፣ ሬ፣ ሚ በ1፣ 2፣ 3 ይመታሉ። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ቅኝቱ ወደ ላይ ይቀጥላል፤ እጁ ግን ቦታ ሊቀይር ይገባዋል። ስለዚህ የመሃል ጣት ሚ ላይ እንዳለች አውራ ጣት ከስሯ አልፎ ሶልን ይይዛል። ከዚያ ላ በ2፣ ላይኛው ዶ በ4 ይመታል። ሲወርዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አውራ ጣት ሶል ላይ እንዳለ የመሃል ጣት በላዩ ተሻግራ ሚ ላይ ታርፋለች።

በተለመደው ሰባት ድምፅ ባለው የዶ ሜጀር ስኬል አውራ ጣት የሚሻገረው ከሚ ወደ ፋ፣ ማለትም ወደ ጎረቤት ቁልፍ ነው። በትዝታ ግን አንድ ነጭ ቁልፍ ዘሎ መሄድ አለበት። በዚህ ርቀት ምክንያት ነው ጀማሪው ሶል ላይ ሲደርስ የሚዘገየው። የመዘግየቱ ምልክቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ በሚና በሶል መካከል ጥቂት ዝምታ ይገባል። ሁለተኛ፣ አውራ ጣት ዘግይቶ ስለሚወድቅ ሶል ከሌሎቹ ጎልቶ "ጧ" ይላል። ሦስተኛ፣ ክርን በድንገት ወደ ውጭ ይወረወራል ወይም ትከሻ ይነሳል።

ሁለተኛውን ምልክት ኪቦርዱ ራሱ ሊደብቀው ይችላል። በብዙ ኪቦርዶች ላይ የአመታቱን ጥንካሬ የሚከተለውን "ተች" የሚባል ማስተካከያ መዝጋት ይቻላል። ሲዘጋ ቁልፉን በቀስታም ሆነ በኃይል ቢመቱት ድምፁ አንድ ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ ከልምምድ በፊት መከፈቱን ያረጋግጡ። አለዚያ አውራ ጣትዎ ሶልን እየደበደበ ጆሮዎ ምንም አይሰማም፤ እውነተኛ ፒያኖ ላይ የተቀመጡ ቀን ነገሩ ይገለጣል።

ዝግታ ምን ያህል ነው?

"ቀስ በል" የሚለው ምክር ሁሉም ያውቀዋል፤ ምን ያህል ቀስ እንደሚባል ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። አንድ ቀላል መለኪያ አለ። ሊመታ የተራው የደረሰውን ጣት ቁጥር፣ ጣቱ ከመውረዱ በፊት፣ በአፍዎ መጥራት መቻል አለብዎት። "ሦስት" ብለው ሚን ይመታሉ፤ "አንድ" ብለው ሶልን። አፍዎ ከጣትዎ ወደ ኋላ ከቀረ ፍጥነቱ ገና ብዙ ነው።

ለጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚመቸው በደቂቃ 60 ምት ነው፤ በአንድ ሰከንድ አንድ ድምፅ ማለት ነው። ለዚህ ሜትሮኖም ያስፈልጋል። ሜትሮኖምን በ1815 እ.ኤ.አ. በስሙ ያስመዘገበው ዮሐን ሜልትሰል ነው፤ ዛሬ ግን መሣሪያውን መግዛት አያስፈልግም። ብዙ ኪቦርዶች ውስጥ አብሮ ተሠርቷል፤ በስልክም በነፃ ይገኛል።

ዝግታ የሚጠቅመው ግን የጊዜውን ትርፍ ለአንድ ሥራ ካዋሉት ነው፤ ለአስቀድሞ መዘጋጀት። ሌባ ጣት ሬን ስትመታ አውራ ጣት ከመዳፉ ስር ጉዞውን መጀመር አለበት። የመሃል ጣት ሚ ላይ ስትወርድ ደግሞ አውራ ጣት ከሶል ቁልፍ በላይ ደርሶ መጠበቅ አለበት። ርቀቱን አውራ ጣት ብቻውን ተለጥጦ አይሸፍነውም፤ ክንዱም አብሮ በለስላሳው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የእጅ አንጓም አይጠመዘዝም። ሶል ላይ መድረስ የመጨረሻው ትንሽ እንቅስቃሴ ይሆናል እንጂ ዝላይ አይሆንም።

በዝግታ ተጫውቶም ይህን አለማድረግ ይቻላል፤ ትልቁ ወጥመድ ይኸው ነው። በሰከንድ አንድ ድምፅ ሲጫወቱ አውራ ጣት እስከ መጨረሻው ቅጽበት ቆይቶ እንኳ በጊዜው ሊደርስ ይችላል። ድምፁ ንጹሕ ይመስላል፤ እንቅስቃሴው ግን በፍጥነት ጊዜ የማይሠራ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ በዝግታ ሲጫወቱ ጆሮ ብቻውን ዳኛ አይሆንም፤ ዓይን አውራ ጣትን መጠበቅ አለበት። ጣቱ ሚ ሲሰማ ሶል ላይ አለ ወይስ የለም? ከሌለ ድግግሞሹ እንደ ስህተት ይቆጠራል።

ዒላማው ሲጻፍ

"ዛሬ ትዝታን እለማመዳለሁ" ማለት ዒላማ አይደለም፤ መቼ እንደተመታ አይታወቅምና። ዒላማ የሚባለው ቦታው፣ ፍጥነቱና የማለፊያው ልክ የታወቀ ሲሆን ነው። ለምሳሌ፦ "ሬ፣ ሚ፣ ሶል፤ በ60 ምት፤ አውራ ጣት አስቀድሞ ደርሶ፣ በተከታታይ 5 ጊዜ ያለ ስህተት።" ይህን በወረቀት ጽፎ ኪቦርዱ ላይ ማስቀመጥ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

"በተከታታይ" የምትለው ቃል ከባድ ሥራ አላት። አምስት ጊዜ ተሳስቶ በስድስተኛው የተሳካለት ሰው ብዙ ጊዜ "በቃ ገባኝ" ብሎ ያልፋል። እጁ ግን አምስት ስህተትና አንድ ትክክል ይዟል። አምስት ሽምብራ በኪቦርዱ ግራ ጫፍ ላይ ይደርድሩ። አንድ ጊዜ በትክክል ሲጫወቱ አንዱን ወደ ቀኝ ያሻግሩ። ሲሳሳቱ የተሻገሩት ሁሉ ወደ ግራ ይመለሳሉ። አራቱ ተሻግረው አምስተኛው ላይ መሳሳት ያናድዳል፤ ንዴቱ ግን ጥቅም አለው፤ በመድረክ ላይ የሚመጣውን ጭንቀት በትንሹ ያስለምዳል።

ሽምብራዎቹ ሦስት ጊዜ ተመልሰው ወደ ግራ ከሄዱ ጥፋቱ የእርስዎ ስንፍና አይደለም፤ ዒላማው በዝቷል። ያን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይቀንሱ፤ ፍጥነቱን ከ60 ወደ 50 ያውርዱ፣ ወይም ሦስቱን ድምፅ ወደ ሁለት፣ ሚና ሶል ብቻ፣ ያድርጓቸው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መቀነስ ብዙም አይመከርም፤ ችግሩ ከፍጥነቱ ይሁን ከርዝመቱ ሳይታወቅ ይቀራልና።

ሌላም ሊጠበቁት የሚገባ ልማድ አለ። ብዙዎች የተሳሳተ ቁልፍ ሲመቱ ሳያቆሙ ቶሎ ትክክለኛውን ጨምረው ይቀጥላሉ። ፋን ይነካሉ፣ ወዲያው ሶልን ይመታሉ፣ ይሄዳሉ። ይህ ሲደጋገም እጁ "ሚ፣ ፋ፣ ሶል" የሚለውን እንደ አንድ ነገር ይይዘዋል፤ ስህተቱና እርማቱ አብረው ይጠናሉ። ሲሳሳቱ እጁን ከቁልፉ ያንሱ፣ ምን እንደሆነ ለራስዎ ይንገሩ፣ ከዚያ ከሬ ይጀምሩ። "አውራ ጣቴ አልደረሰም" ብሎ መናገር "ተሳሳትኩ" ከማለት በእጅጉ ይሻላል፤ ቀጣዩ ሙከራ ምን ላይ እንደሚያተኩር ይነግራልና።

አጭር ጊዜና የሌሊቱ ሥራ

እንዲህ ዓይነት ልምምድ ትኩረት ስለሚበላ ረጅም ጊዜ አይዘለቅም። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲሆን ዓይን አውራ ጣትን መከታተል ይተዋል፤ ሽምብራ ማሻገሩም ልማድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ድግግሞሽ ሰዓት ይሞላ እንጂ ትክክለኛነቱን ማንም አይጠብቀውም። ስለዚህ አንድ ሰዓት ያለው ሰው አንድ ላይ ከሚጨርሰው ጠዋት ሃያ፣ ማታ ሃያ ደቂቃ ቢለማመድ፣ የቀረውንም ለመዝናኛ ጨዋታ ቢያደርገው ይሻላል።

ለዚህ ሌላም ምክንያት አለ፤ ጣት የተማረው ነገር የሚጸናው መሣሪያው ከተዘጋ በኋላም ጭምር ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ማቲው ዎከርና የሃርቫርድ ባልደረቦቹ ቀኝ እጅ የሚቀናቸውን ሰዎች በግራ እጃቸው 4፣ 1፣ 3፣ 2፣ 4 የሚለውን የቁጥር ተራ በኮምፒውተር ቁልፎች ላይ በፍጥነት እንዲመቱ አሠለጠኗቸው። ሥልጠናው ከኪቦርድ ጣት አጣጣል ብዙም አይለይም። ሰዎቹ አንድ ሌሊት ተኝተው ሲመለሱ፣ በመካከሉ ምንም ሳይለማመዱ፣ ፍጥነታቸው በ20 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኘ። ሳይተኙ ያንኑ ያህል ሰዓት የቆዩት ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አላሳዩም።

እረፍት በደቂቃዎች ውስጥም ይሠራል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተሠራና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሰዎች ያንኑ ዓይነት የጣት ተራ 10 ሰከንድ እየተለማመዱ 10 ሰከንድ እንዲያርፉ አደረገ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ የታየው መሻሻል በዋናነት የመጣው በሚመቱበት ሰዓት ሳይሆን በእነዚያ አጫጭር እረፍቶች ወቅት ነበር። ለኪቦርድ ተጫዋች ትርጉሙ ቀላል ነው። ሬ፣ ሚ፣ ሶልን እንደ ማሽን ያለ ማቋረጥ ከመደብደብ ይልቅ አንዴ ተጫውተው እጅን ጭን ላይ ያሳርፉ፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይተው ይድገሙ።

አንድ ሳምንት በአንድ ኦክታቭ

አሁን ቀን ሥራ የምትውል፣ ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ሃያ ደቂቃ የምታገኝ አንዲት ጀማሪ እናስብ። በጋራ መኖሪያ ቤት ስለምትኖር በጆሮ ማዳመጫ ትጫወታለች። ግቧ በሳምንቱ መጨረሻ ትዝታን ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ወጥታ መውረድ ነው፤ በድምሩ 11 ድምፅ። ሃያውን ደቂቃ እንዲህ ከፍላዋለች፤ ሁለቱን ደቂቃ ለትናንቱ ፈተና፣ አሥሩን ለዛሬው ዒላማ፣ አምስቱን ቀድሞ ለምታውቀው ሌላ ነገር፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ደግሞ እንደ ልቧ ለመጫወት።

ሰኞ ሬ፣ ሚ፣ ሶልን ብቻ ይዛ በ60 ትሠራለች። መጀመሪያ ላይ ሽምብራው ሦስት ጊዜ ይመለስባትና ወደ 50 ትወርዳለች፤ እዚያ አምስቱን ታሻግራለች። ወደ 60 ስትመለስ ሦስቱን ብቻ እንዳሻገረች ሰዓቷ ያልቃል። ዒላማዋን ባትመታም ተነስታ ሥራ መሄድ አለባት፤ አይከፋም፤ ወረቀቷ ላይ "በ50 አልፏል" ብላ ትጽፋለች።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ምንም ሳትሟሟቅ፣ መጀመሪያ የምታደርገው የሰኞውን አንድ ጊዜ በ60 መሞከር ነው። የትናንቱ ፈተና የሚባለው ይህ ነው። በልምምድ መጨረሻ ላይ እጅ ስለሚሞቅ ያልተያዘው ሁሉ የተያዘ ይመስላል፤ በማግስቱ በቀዝቃዛ እጅ የመጀመሪያው ሙከራ ግን አይዋሽም። ካለፈ ወደ አዲስ ዒላማ ትሄዳለች። ካላለፈ የማክሰኞ ዒላማ ያው የሰኞው ይሆናል፤ ሳምንቱም በአንድ ቀን ይገፋል። እንደ አጋጣሚ አልፏል እንበል። የማክሰኞ ዒላማዋ ሶል፣ ላ፣ ላይኛው ዶን በ1፣ 2፣ 4 ይዞ ከሰኞው ጋር ማገናኘት ነው። መገናኛዋ ላይ ብቻ፣ ከሚ ጀምራ እስከ ላ፣ ትሠራለች፤ ሁለት በየራሳቸው የተጠኑ ቁራጮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሩት በስፌታቸው ላይ ነውና።

ረቡዕ መውረዱ ነው። እዚህ የሚያስቸግረው አውራ ጣት ሳይሆን የመሃል ጣት ናት። አውራ ጣት ሶል ላይ ጸንቶ ሲቆይ የመሃል ጣት በላዩ ተሻግራ ሚ ላይ ትወርዳለች። የተለመደው ስህተት አውራ ጣት ቶሎ መነሳቱ ነው፤ እጁ ድጋፉን አጥቶ ሚ ላይ ይወድቃል። ዒላማዋ ላ፣ ሶል፣ ሚ፣ ሬ ነው፤ በ60፣ አምስት ጊዜ በተከታታይ።

ሐሙስ አሥራ አንዱንም ድምፅ በ60 ታገናኛለች። አንድ ጊዜ ወጥቶ መውረድ 11 ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እያረፉ ለመደጋገም ሰፊ ጊዜ አለ። አምስቱን ካሻገረች ሜትሮኖሙን በአንድ ጊዜ ወደ 80 አትወረውረውም፤ 63፣ 66፣ 69፣ 72 እያለች ትወጣለች። እነዚህ ቁጥሮች በድሮው ሜትሮኖም ላይ የተቀረጹት ደረጃዎች ናቸው። አንዱ ከሌላው ያለው ልዩነት እጅ እንዳያስተውለው ያህል ትንሽ ነው። በየደረጃው ሁለት ጊዜ በትክክል መጫወት ይበቃታል። ስትሳሳት ሁለት ደረጃ ትወርዳለች።

ዓርብ ሌላ ዓይነት ሥራ ይመጣል። በየደረጃው እየወጡ መሄድ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ ምክንያቱም በፍጥነት መጫወት ዝግታን ማፋጠን ብቻ አይደለም። በዝግታ አምስት እንቅስቃሴ የነበረው በፍጥነት አንድ እንቅስቃሴ ይሆናል። ስለዚህ ሜትሮኖሙን 120 ላይ ታደርግና ሬ፣ ሚ፣ ሶልን ብቻ በአንድ ትንፋሽ ተጫውታ ሶል ላይ ትቆማለች። እጇን ታሳርፋለች። ከዚያ ትደግማለች። ሦስት ድምፅ ከሠራ አራተኛውን፣ ላን፣ ትጨምራለች። እዚህ ላይ አውራ ጣት በዝግታው ጊዜ አስቀድሞ መድረስን ተምሮ ከሆነ ይከተላል። ካልተማረ ወዲያው ይታወቃል፤ ሶል "ጧ" ይላል። ያኔ ወደ ሰኞ መመለስ ነው።

ቅዳሜ ቅኝቱን ወደ ሙዚቃ ትወስደዋለች። ከምታውቀው የትዝታ ዜማ አንዲት ሐረግ መርጣ አውራ ጣት የሚሻገርበትን ቦታ ትፈልጋለች፤ በሳምንቱ የሠራችው እዚያ ቦታ ላይ ሲውል ትሰማለች። እሑድ አትለማመድም። ኪቦርዱን ከፍታ አንድ ጊዜ ብቻ በ72 ትጫወታለች፤ በስልኳም ትቀዳዋለች። ስትጫወት ጆሮዋ ሥራ ስለሚበዛበት ያለፈውን ስታዳምጥ ታገኘዋለች፤ በሚና በሶል መካከል ዝምታ አለ? ሶል ጎልቷል? መልሱ የቀጣዩን ሰኞ ዒላማ ይሰጣታል።

መብራት የጠፋ ቀን ምን ይደረጋል? የጣቱን መሻገር ጠረጴዛ ላይ መሥራት ይቻላል። ድምፅ ባይኖርም አውራ ጣት አስቀድሞ መድረሱን ዓይን ያያል። የድምፁን ሚዛን ግን በዚህ መንገድ መለማመድ አይቻልም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ቀን እንደ ግማሽ ቀን ይቆጠር።

የዘዴው ወሰን

"ታላላቆቹ ግን ቀኑን ሙሉ ይለማመዱ አልነበረም ወይ?" የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሲማሩ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል በፒያኖና በቫዮሊን ላይ ያሳልፉ እንደነበር በሕይወት ታሪካቸው ይነገራል። እውነት ነው፤ ሙያ አድርጎ የያዘ ሰው በሃያ ደቂቃ አይደርስም፤ የሚያጠናው ሙዚቃ ብዛት ራሱ ሰዓት ይጠይቃል። ነገር ግን አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የበርሊን የሙዚቃ አካዳሚ ምርጥ የቫዮሊን ተማሪዎች እንኳ የቀኑን ልምምድ ከፋፍለው፣ በመካከሉ እያረፉ፣ ቀንም ጋደም እያሉ እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ረጅም ቀን የሚገነባው ከብዙ አጫጭር ክፍለ ጊዜዎች ነው እንጂ ከአንድ ረጅም ድካም አይደለም።

ሌላው ወሰን፣ አንድ ዒላማ ብቻ ይዞ የሚቀጥል ሰው ሙሉ ዘፈን ሳይጫወት ወራት ሊያልፉት መቻላቸው ነው። ለዚህ ነው በሃያው ደቂቃ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች የተቀመጡት። በእነሱ ጊዜ አይታረምም፤ ቢሳሳቱም ሳይቆሙ መቀጠል ራሱ ሌላ ችሎታ ነው፤ ከዘማሪ ወይም ከዘፋኝ ጋር ለሚጫወት ሰው ደግሞ የግድ ነው። የማረሚያውንና የመቀጠያውን ሰዓት አለመደባለቅ ነው ዋናው ነገር።

ድካምና ሕመም ደግሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በክንድ ላይ የሚሰማ ቀላል ድካም በእረፍት ይሄዳል። በእጅ አንጓ ወይም በአውራ ጣት ስር የሚወጋ ሕመም፣ ወይም ጣት መደንዘዝ ከተሰማ ግን የዕለቱ ልምምድ እዚያው ያበቃል። ሕመሙ ከተመላለሰ ሐኪምና አስተማሪ ይዩት፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የአንጓ መጠምዘዝ ወይም የወንበር ቁመት ነው። ክርን ከቁልፎቹ ቁመት ጋር እኩል መሆን አለበት።

ትዝታ ሜጀር በ72 ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ቀጣዩ ትዝታ ማይነር ይሁን፤ ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ወርደው ጥቁር ቁልፎች ላይ ያርፋሉ። የሚገርመው፣ ለጀማሪ ከባድ የሚመስለው ይህ ቅኝት ለአውራ ጣት ይቀልለታል። የመሃል ጣት ከፍ ያለው ጥቁር ቁልፍ ላይ ስትሆን እጅ ከፍ ይልና አውራ ጣት የሚያልፍበት ሰፊ ቦታ ያገኛል። ሾፓንም ለተማሪዎቹ መጀመሪያ የሚሰጣቸው ረጃጅሞቹ ጣቶች ጥቁር ቁልፍ ላይ የሚያርፉበትን የእጅ አቀማመጥ ነበር።

ነገ ጠዋት ኪቦርዱን ሲከፍቱ እንግዲህ ዘፈኑን ከመግቢያው አይጀምሩ። ትናንት የተሰበረበትን ቦታ ያግኙ፤ ከሱ በፊት ያሉትን ሁለት ድምፆችና ከሱ በኋላ ያለውን አንዱን ይውሰዱ፤ ፍጥነቱንና የማለፊያውን ልክ በወረቀት ይጻፉ። ሃያ ደቂቃው ሲያልቅ፣ ዒላማው ባይመታም፣ ያቁሙ። በማግስቱ በመጀመሪያው ሙከራ የሚሰሙት ነገር ልምምድዎ መሥራት አለመሥራቱን ከማንም አስተያየት ይልቅ በትክክል ይነግርዎታል።